ለመጀመሪያው አሥር ኪሎ ሜትርሽ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በኅዳር መጥተሽ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ልትሮጪ መመዝገብሽን ከሰማች ወዲህ የእናትሽ ወሬ ሁሉ ስለ አንቺ ሆኗል። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ነገር ግን ወንድምሽ ባለፈው ቅዳሜ እዚያ ቨርጂኒያ የሮጥሽውን የስምንት ኪሎ ሜትር ልምምድ ሰዓት በየኪሎ ሜትሩ ከፋፍሎ ስለላከልኝ፣ ሳልውል ሳላድር ልጽፍልሽ ወሰንኩ። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር በ5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ የመጨረሻውን ደግሞ በ7 ደቂቃ ሮጠሻል። በመካከሉ ያሉት ሁሉ አንዱ ከሌላው እየዘገየ የሚሄድ ነው። ጠቅላላው 49 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መሆኑ አቅም እንዳለሽ ያሳያል፤ አቅምሽን ያከፋፈልሽበት መንገድ ግን አላስደሰተኝም።

ዓለሜ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች አትቸኩዪ። ምክንያቱን በደንብ እንድትረጂው እፈልጋለሁ። ሩጫ ሲጀመር እግር ትኩስ ነው፣ ልብም በሕዝቡ ጩኸት ይነሣሣል፤ ከሁሉም በላይ ግን ትንፋሽና የልብ ምት እግር የጠየቀውን ያህል እስኪደርሱ ድረስ ጥቂት ደቂቃዎች ይወስድባቸዋል። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ከአቅምሽ በላይ ብትሮጪ እንኳን ሰውነትሽ ገና አይነግርሽም። ጡንቻ በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ጉልበት እያወጣ ይቆያል፤ ዋጋው የሚጠየቀው ዘግይቶ፣ ጭን ሲከብድና ትንፋሽ ሲያጥር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር «ቀሎኛል» የሚለውን ስሜትሽን አትመኚው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይህ ይብሳል። አንቺ የምትለማመጂው ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ በማይል አገር ነው፤ የምትሮጪው ግን ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ ነው። በዚያ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከአቅም በላይ ከወጡ በኋላ እየሮጡ ማገገም በጣም ከባድ ነው። በዚህም የተነሣ እዚያ በ62 ደቂቃ እጨርሳለሁ ብትዪ እንኳን እዚህ 65 ደቂቃ አስቢ፤ ይህም ለአንድ ኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን አየሩ ከከበደሽ ሰባ ደቂቃ አስበሽ ውጪ፤ ይህን በቁም ነገር ነው የምልሽ።

አሁን ወረቀትና እርሳስ ያዢና አብረን እናስላ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች እያንዳንዳቸውን በ5 ደቂቃ ከ40 ብትሮጪ 17 ደቂቃ ይሆናል፤ ካሰብነው ሁለት ደቂቃ ተኩል የተረፈሽ ይመስልሻል። ቀጥለው የሚመጡት ሦስቱ ወደ 6 ደቂቃ ከ40 ይወርዳሉ፤ ስድስተኛው ላይ 37 ደቂቃ ይዘሽ ገና ሁለት ደቂቃ ቀድመሻል። የመጨረሻዎቹን አራት ኪሎ ሜትሮች ግን እግርሽ ስለሚያልቅ እያንዳንዳቸው 7 ደቂቃ ከ45 ይፈጁብሻል፤ ይህ ብቻውን 31 ደቂቃ ስለሆነ በ68 ደቂቃ ትገቢያለሽ። በመጀመሪያ ያተረፍሽው ሁለት ደቂቃ ተኩል በመጨረሻ አምስት ደቂቃ ወስዶብሻል ማለት ነው። ያው አቅም እኩል ቢከፈል በ65 ያስገባሽ ነበር።

ይህን ስጽፍ አጎትሽ ትዝ ይለኛል። ነፍሱን ይማርና፣ ደብረ ብርሃን ላይ በተደረገ የአውራጃ ውድድር አሥር ሺህ ሜትር ሲሮጥ ሜዳው ዳር ቆሜ ዙሩን እቆጥርለት ነበር። በልምምድ አንዱን ዙር በ78 ሰከንድ እየሮጠ ሃያ አምስቱን ዙር መጨረስ ይችላል፤ ይህም 32 ደቂቃ ተኩል ነው። በዚያ ቀን ግን የመጀመሪያዎቹን አራት ዙሮች እያንዳንዳቸውን በ70 ሰከንድ ሮጠ። አሥረኛው ዙር ላይ ብቻውን ወጥቶ ነበር፣ ሕዝቡም ስሙን እየጠራ ያጨበጭብ ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው በኋላ ትከሻው ወደ ጆሮው ተሰበሰበ፣ እርምጃው አጠረ፣ ከኋላው የነበሩትም አንድ በአንድ አለፉት። ከዚያ ወዲያ «እኔ ለረጅም ርቀት አልተፈጠርኩም» ብሎ ጫማውን ሰቀለ። አቅም አልጎደለውም ነበር፤ የጎደለው አቅሙን በሃያ አምስት እንዲያካፍል የሚነግረው ሰው ነበር። በዚያ ዘመን አሠልጣኝ የሚባል በአካባቢያችን አልነበረም። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ አንቺንም በእሱ መንገድ እንዳላይሽ ነው የምጨነቀው።

ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራስልስ ላይ አሥር ሺህ ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የመጀመሪያውና የሁለተኛው አምስት ሺህ ሜትር እኩል ነው ለማለት የሚያስደፍር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ቫሌንሲያ ላይ ይህን ሰዓት ያሻሻለው ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይም ሁለተኛውን ግማሽ ከመጀመሪያው በጥቂት ሰከንዶች ነው ያፈጠነው። እነሱ ግን የሮጡት ዳገት በሌለው መም ላይ ነው። አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ስላላት፣ አንቺ እኩል የምትከፍዪው ሰዓቱን ሳይሆን ድካሙን ነው። ዳገት ላይ ሰዓትሽን አትመልከቺ፤ ትንፋሽሽ ሜዳ ላይ በነበረበት እንዲቆይ እርምጃሽን አሳጥሪ። አንዱ ኪሎ ሜትር ሠላሳ ሰከንድ ቢዘገይ አትደንግጪ። ቁልቁለቱ ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ይመልስልሻል፤ ሁሉንም አስመልሳለሁ ብለሽ ግን ጉልበትሽን አትምቺው።

ትንፋሽሽን በንግግር ለኪው። እስከ ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ድረስ ከጎንሽ ላለ ሰው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳትቆራርጪ መናገር ካቃተሽ ፈጥነሻል፤ ወዲያውኑ ቀንሺ። በመካከለኛዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሦስት አራት ቃል ይበቃል። ስምንተኛውን ካለፍሽ በኋላ መናገር ቢያቅትሽ ግን ትክክል ነው፤ ያስቀመጥሽውን ሁሉ የምታወጪው እዚያ ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ሕዝቡ ነው። በአሥር ሺዎች ከሚቆጠር ሰው ጋር ስለምትነሺ፣ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ምናልባት ስምንት ደቂቃ ይፈጅብሽ ይሆናል። በሰው መካከል እየተሽሎከለክሽ ለማለፍ አትሞክሪ፤ ርቀቱ ይረዝማል፣ በእያንዳንዱ መፈትለክም ጉልበት ይባክናል። የዘገየሽውን ደቂቃ ተኩል በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ለመመለስ ብትሞክሪ ያው የፈራሁት ነገር ደረሰ ማለት ነው። እሱን ተዪውና ከዚያ ጀምሮ 6 ከ30ሽን ያዢ። በድጋሚ እልሻለሁ፦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ኪሎ ሜትሮች አትቸኩዪ፤ ከበሮ ቢመታም፣ ጓደኞችሽ ጥለውሽ ቢሄዱም አትቸኩዪ።

ሰዓትሽን መነሻውን መስመር ስትረግጪ ብቻ አስነሺው። በክንድሽ ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ቁጥር ጻፊ፦ ሦስተኛው ላይ 19፡30፣ አምስተኛው ላይ 32፡30፣ ስምንተኛው ላይ 52፡00። አምስተኛው ላይ ከ31 ደቂቃ በታች ካየሽ አትደሰቺ፤ ቀንሺ። 33 ቢሆን ግን ምንም አይደለም። የእግር ጣት ጥፍርሽንም ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ቁረጪ፤ ለዚያ ቀን ብለሽ አዲስ ጫማ እንዳትገዢ።

እናትሽ በእቅፏ ስማሻለች። በዚህ ቅዳሜ ያንኑ ስምንት ኪሎ ሜትር የመጀመሪያውን በ6 ደቂቃ ከ20 ጀምረሽ ሩጪውና፣ ጠቅላላውን ብቻ ሳይሆን ስምንቱንም ቁጥሮች በየተራ ጽፈሽ ላኪልኝ።

አባትሽ