የስፓኒሽ ክበብ ዘገባ፦ ብርቱካኑ አረንጓዴ ነው፣ ግን በስሏል

በየዓመቱ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ዘንድሮም ቀርቦልኛል። «ቲቸር፣ ስፓኒሽ ለልጆቻችን ምን ያደርግላቸዋል?» ሒሳብ ክበብን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ወላጅ ገጥሞኝ አያውቅም። ለማንኛውም፣ በዚህ ገጽ መልሴን ዓመቱን በሙሉ በሠራነው አንድ ጉዳይ እሰጣለሁ። ጉዳዩ የሁለት ግሦች ነገር ነው፤ የሴር እና የኤስታር።

ስብሰባዎቹን ቶሎ ልጨርስ። ክበቡ ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ተገናኝቷል። መስከረም ላይ ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ከመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና በኋላ ግን ግማሹ አልተመለሰም። ክፍሉን ከሚኒ ሚዲያ ጋር ስለምንጋራ እነሱ ማይክ ሲሞክሩ እኛ ደረጃ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። መዝገበ ቃላታችን አሁንም አንድ ነው፤ ሽፋኑም በፕላስተር ነው የቆመው። ስለዚህ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። እኛ «ነው» የምንለውን ስፓኒሾች በሁለት ግሥ ይሉታል። ሶይና ኤስ የሚባሉት ከሴር፣ ኤስቶይና ኤስታ የሚባሉት ከኤስታር የሚወጡ ናቸው። ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ቦታ ብታስገባ ስህተት ብቻ ነው፣ ሰው ይረዳሃል። አንዳንድ ቅጽሎች ጋ ስትደርስ ግን ግሡ ሲቀየር ትርጉሙ አብሮ ይገለበጣል። «ሶይ ሊስቶ» ያለ ልጅ «ጎበዝ ነኝ፣ ጭንቅላት አለኝ» ማለቱ ነው። «ኤስቶይ ሊስቶ» ካለ ደግሞ «ዝግጁ ነኝ» ነው። የእኛ ልጆች ሁለቱንም በ«ነኝ» ስለሚያስቡት ፈተናው እዚህ ጋ ይጀምራል። «ተዘጋጅታችኋል?» ብዬ በስፓኒሽ ስጠይቅ አንዱ ከኋላ ተነስቶ «ሶይ ሊስቶ!» አለ። ደረቱን ነፍቶ ስላለው ትርጉሙ ገጠመለት እንጂ መልሱ ሌላ ነበር።

አቡሪዶ፣ ለሴት ሲሆን አቡሪዳ፣ ከዚህ ይብሳል። «ላ ክላሴ ኤስ አቡሪዳ» ማለት «ክፍሉ አሰልቺ ነው» ነው። «ኤስቶይ አቡሪዳ» ያለች ልጅ «ሰልችቶኛል» ማለቷ ነው። «ሶይ አቡሪዳ» ካለች ግን ራሷን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ብላ ሰደበች። አማርኛ ልዩነቱን በቃሉ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ አሰልቺና የሰለቸው የሚባሉት ለየብቻ ናቸው። ስፓኒሽ ቃሉን እንዳለ ትቶ ሥራውን ለግሡ ይሰጣል። ኅዳር ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ይህንኑ ስህተት ሠራች። «ሶይ አቡሪዳ» አለች፣ ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ እየመጣች ትቀመጣለች፣ አፏን ግን አትከፍትም። ስለ እሷ ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚሰጠው ደንብ አለ። «ቋሚ ከሆነ ሴር፣ ጊዜያዊ ከሆነ ኤስታር።» ልጆቹ ቀድመውኝ አንብበውት መጡ። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ግን ደብተሩን ዘግቶ «ቲቸር፣ የሞተ ሰውስ?» አለኝ። ጥያቄው ደንቡን ይገድለዋል። ስፓኒሽ ለሞተ ሰው «ኤስታ ሙዌርቶ» ይላል፣ በኤስታር። ከሞት የበለጠ ቋሚ ነገር ካለ ንገሩኝ። በተቃራኒው ወጣትነት ያልፋል፣ ግን በተለምዶ «ኤስ ሆቤን» ነው የሚባለው፣ በሴር። ስለዚህ ያንን ደንብ ከሰሌዳው አጠፋነው።

በምትኩ የተጠቀምንባቸው ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። «ምን ዓይነት ነው?» ብለህ የምትመልሰው በሴር ይሄዳል። «አሁን ምን ላይ ነው?» ብለህ የምትመልሰው በኤስታር ይሄዳል። ኤስታር የመጣው መቆም ከሚል የላቲን ግሥ ነው፤ ስታሬ ይባላል። ነገሩ የት ደርሶ እንደቆመ ይነግርሃል ብለን ያዝነው። ሞት የሚደረስበት ሁኔታ ስለሆነ ኤስታርን ይወስዳል። «ወጣት» የሚለው ግን ሰውን በዓይነት የምትመድብበት ስለሆነ ሴርን ይወስዳል። ይህም ቢሆን ሁሉንም በር አይከፍትም። ለምሳሌ ቤት የሚገኝበት ቦታ በኤስታር ይነገራል፣ ድግስ የሚካሄድበት ቦታ ግን በሴር። ያንን ለብቻው አጠናነው። ለቅጽሎቹ ግን ሁለቱ ጥያቄዎች ሩቅ ወስደውናል።

የዓመቱ ትልቁ ቀን የእንግዳችን ቀን ነበር። እንግዳችን የአንድ ተማሪያችን አጎት ናቸው፤ በልጅነታቸው ኩባ ተምረዋል። በ1970ዎቹ መጨረሻ እና በ1980ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው ነበር። ብዙዎቹ የተማሩት ኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ በምትባለው ደሴት ነው፤ «የወጣቶች ደሴት» ማለት ነው። እዚያ ትምህርቱ ከእርሻ ሥራ ጋር ነበር፤ የቀኑ አንዱ ክፍል ክፍል ውስጥ፣ ሌላው ክፍል ፍራፍሬ እርሻ ላይ። ደሴቷ የምትታወቀው በግሬፕፍሩት ነው። ኩባዎች ቶሮንሃ ይሉታል።

እንግዳችን ቁጭ ብለው እንዲህ አሉን። «ልጆች፣ እኔ ሴርና ኤስታርን የተማርኩት ዛፍ ላይ ነው። ፍሬ ስንቆርጥ ኃላፊው ከታች ሆኖ ‹ኤስታ ቤርዴ!› ብሎ ይጮህብናል። ቤርዴ አረንጓዴ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ፍሬዬን አሳይቼው ‹አዎ፣ አረንጓዴ ነው፣ ታዲያ ምን ይሁን› እላለሁ በሆዴ። ሰውዬው ግን ስለ ቀለሙ አልነበረም የሚያወራው። ‹ገና ጥሬ ነው፣ አትቁረጠው› ማለቱ ነበር።»

ቤርዴ ከሴር ጋር የቀለም ስም ነው። ከኤስታር ጋር ሲሆን ያልበሰለ ማለት ነው። ፍሬ ብቻም አይደለም። ሥራውን ገና ላልለመደ ሰው «ኤስታ ቤርዴ» ይባላል፤ እኛ «ገና አልበሰለም» እንደምንለው። እዚህ ላይ ልጆቹ ሳይነገራቸው ገባቸው፣ ምክንያቱም አማርኛም ሰውን ያበስላል። ስለ ሰው ሲሆን በሴር እንዳይሞክሩት ግን አስጠንቅቄያለሁ፤ ወደ ባለጌነት የሚያዘነብል ትርጉም አለው። ዝርዝሩን ለትምህርት ቤት መጽሔት አልጽፍም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከግቢ ወጥተን በሩ አጠገብ ወዳሉት ፍራፍሬ ሻጭ ሄድን። ጉዞ ካልን ጉዞው ይኸው ነው፤ ለአውቶቡስ በጀት የለንም። ሥራው ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፍሬ ያነሳል፣ ሁለቱን ጥያቄዎች ይጠይቃል፣ በስፓኒሽ ይናገራል። ሙዝ ቀለለ፤ ቢጫው ሙዝ በቀለምም በመብሰልም ይስማማል። አረንጓዴው ሙዝም እንዲሁ፣ ሁለቱም ግሦች ይገጥሙታል። አቮካዶ ጋ ስንደርስ ተጨቃጨቁ። አንዳንዱ ሲበስል ይጠቁራል፣ አንዳንዱ አረንጓዴ እንደሆነ ይለሰልሳል።

ያቺ ከኅዳር ጀምሮ ዝም ያለች ልጅ ብርቱካን አነሳች። ከቆላ የመጣ ብርቱካን ነው፣ ልጣጩ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ። አንዱ ልጅ ከጎኗ «ኤስታ ቤርዴ» አለ በድፍረት። እሷ አልመለሰችለትም። ወደ ሴትዮዋ ዞረች።

«ማዘር፣ ይሄ በስሏል?»

«አንቺ ልጅ፣ ቀለሙን አትዪ፣ በእጅሽ መዝኚው። ከበደሽ? ውሃ ይዟል ማለት ነው።» ቢላዋ አንስተው ከፈሉት። ውስጡ ብርቱካናማ ነው፣ ጭማቂው በጣቶቿ መሃል ወረደ።

ልጅቷ ግማሹን ከፍ አድርጋ ያዘችና ሁላችንም እየሰማን «ላ ናራንሃ ኤስ ቤርዴ፣ ፔሮ ኖ ኤስታ ቤርዴ» አለች። ብርቱካኑ አረንጓዴ ነው፣ ግን ጥሬ አይደለም። አንድ ቃል፣ ሁለት ግሥ፣ አንዱን አረጋግጣ ሌላውን ክዳ። «ቋሚና ጊዜያዊ» የሚለው ደንብ ይህን ዓረፍተ ነገር ሊሠራው አይችልም፤ የዚያ ብርቱካን ልጣጭ አረንጓዴነት ቋሚ አይደለማ። ዓይነትና ሁኔታን የለየ ሰው ነው የሚሠራው።

ለምን አረንጓዴ ሆኖ እንደሚበስል የባዮሎጂ መምህራችንን ጠየቅናቸው። የብርቱካን ልጣጭ ቀለሙን የሚቀይረው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው። ብርዱ ክሎሮፊሉን ያፈርሰዋል። ሞቃት ቦታ ላይ ግን ውስጡ በስሎ እያለ ልጣጩ አረንጓዴ ይቆያል። የኩባው ግሬፕፍሩትም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ እንግዳችን ዛፍ ላይ ሆነው ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም፤ ቀለሙን አይቶ መፍረድ በደሴቷም አይሠራም።

ልጅቷ ከዚያ ቀን ጀምሮ ትናገራለች። ትሳሳታለችም። ግንቦት ላይ በነበረው የክበባት ቀን ሌሎች ክበቦች ድራማና ሞዴል ሲያቀርቡ እኛ ጠረጴዛ ላይ ብርቱካን፣ አቮካዶና ሙዝ ደርድረን ጎብኚውን አስጠየቅነው። መድረኩ ላይ የቆመችው እሷ ናት። አንድ ወላጅ «ሊስታ ናት» ብለው አደነቋት። እሷም ሳታቅማማ «በየትኛው ግሥ?» አለቻቸው። ሳቁ።

ቅር ያለኝ ነገር አለ፣ ልናገር። ለዚያ ቀን ፍራፍሬውን የገዛነው ልጆቹ ከኪሳቸው አዋጥተው ነው። የሳይንስ ክበብ ኬሚካል ሲጠይቅ «የቤተ ሙከራ ዕቃ» ተብሎ ይፈቀድለታል፣ ተገቢም ነው። እኛ ብርቱካን ስንጠይቅ «መክሰስ ነው» ተባልን።

ለሚቀጥለው ዓመት የያዝናቸው ቃላት ሦስት ናቸው። ሪኮ ከሴር ጋር ሀብታም፣ ስለ ምግብ ከኤስታር ጋር ደግሞ የሚጣፍጥ ነው። ማሎ ከሴር ጋር ክፉ፣ ከኤስታር ጋር የታመመ ወይም የተበላሸ ነው። ቢቦ ከሴር ጋር ነቄ የሆነ፣ ከኤስታር ጋር በሕይወት ያለ ነው። ለእነዚህ የምንፈልገው አንድ ሰሌዳ፣ ሁለት መዝገበ ቃላት፣ የራሳችን ክፍል ባይሆን እንኳ ማይክ የማይሞከርበት ረቡዕ፣ እና ለሪኮና ለማሎ የምንቀምሰውና የምናሸተው ትንሽ ምግብ ነው። ወተት የሚያመጣ ወላጅ ካለ፣ አንዱን ጠርሙስ ትኩስ፣ አንዱን ያደረ ያድርግልን። ምዝገባው እንደተለመደው በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ነው።