ሀብተማርያም ንብረት አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ስሞች ባወጣችሁት ጽሑፍ ሀብተማርያም «የማርያም ንብረት» ተብሎ ተፈቷል። እዚህ ጋ ስህተት አለ። ዛሬ ሀብት ሲባል ቤትና መኪና ነው የሚታየን። በግዕዝ ግን ቃሉ የወጣው «ወሀበ» ማለትም «ሰጠ» ከሚለው ግስ ነው፤ ትርጉሙም ስጦታ ነው። ስለዚህ ሀብተማርያም የማርያም ስጦታ ነው። የምኒልክ የጦር ሚኒስትር የፊታውራሪ ሀብተጊዮርጊስ ስምም እንደዚሁ ነው የሚፈታው። ሀብታሙ ግን ሌላ ነው፤ እሱ የአማርኛ ስም ነው፣ ባለጸጋው ማለት ነው።

«ሀብት» ወደ «ሀብተ» የተለወጠው ከሚከተለው ቃል ጋር ለመያያዝ ነው። መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ተ» የአማርኛውን «የ» ሥራ ትሠራለች። ለብቻዋ አትቆምም። አባቴ ሀብተማርያም ይባላል። አንድ ቢሮ ስሙን ለሁለት ቆርጦ «ሀብተ»ን በራሱ ስም ቦታ፣ «ማርያም»ን በአባቱ ስም ቦታ ጻፈለት። «የ... ስጦታ» ብሎ ማቆም እኮ ነው! የማን?

አያቴ ደግሞ በወረቀት ማርያም ሆነው ቀሩ። ስማቸው ተመስገን ነበር። እናታቸው ከብዙ ዓመት በኋላ ወልደው፣ ለፈጣሪ «አንተ ተመስገን» ብለው ያወጡላቸው ስም ነው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ