ራዲያተሩን ማስተንፈስ ይብቃ፤ የኤክስፓንሽን ታንኩን ቀይሩልን

ለ፦ የክሊኒካችንን ማሞቂያ ለገጠመው ድርጅት፣ የጥገና ክፍል

ጉዳዩ፦ አየር እየያዘ የሚቀዘቅዘውን የማሞቂያ መስመር ይመለከታል

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በስልክ ብዙ ተነጋግረናል፤ መፍትሔ ግን አልመጣም። ስለዚህ ሁሉንም በጽሑፍ ላስቀምጠው ወሰንኩ። ሐረር ቆላ አይደለችም። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ የእኛ የላይኛው ፎቅ ደግሞ የወለዱ እናቶች የሚተኙበት ነው። ማሞቂያውን ያስገባነው ለእነሱና ለጨቅላዎቹ ብለን ነው። አሁን ግን ከነጋ በኋላ ወደ ላይ ስወጣ ራዲያተሩ ከታች ለብ ብሎ ከላይ በረዶ ሆኖ አገኘዋለሁ። ቧንቧው ውስጥ ውሃው ይንቦጫረቃል። ነርሶቹ ሌሊቱን ብርድ ልብስ ሲደርቡ ያድራሉ።

በደወልን ቁጥር ባለሙያችሁ ይመጣል። ሰውየው ትሁት ነው፣ እሱን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። ቁልፏን ያወጣና የእያንዳንዱን ራዲያተር ማስተንፈሻ ይፈታል፤ ሽሽ ብሎ አየሩ ይወጣል፣ ውሃ ሲመጣ ይዘጋል። ከዚያ የግፊት ጌጁን አይቶ ውሃ ይጨምራል፣ «አየር ይዞ ነው፣ አሁን ተስተካክሏል» ብሎ የአገልግሎት ደረሰኝ ይቆርጣል። ለጥቂት ቀን ይሞቃል። ከዚያ እንደገና ያው ነው።

አዲስ ውሃ የገባበት መስመር በመጀመሪያዎቹ ቀናት አየር ቢይዝ አያስገርምም። ቀዝቃዛ ውሃ በሊትር ወደ 20 ሚሊ ሊትር አየር አሟሙቶ ይይዛል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይለቀዋል። የተለቀቀው ወደ ላይ ወጥቶ የራዲያተሩ አናት ላይ ይጠራቀማል፤ ውሃው እዚያ ስለማይደርስ አናቱ ይቀዘቅዛል። ያኔ ማስተንፈስ ተገቢ ሥራ ነው፣ በዚያ አንከራከርም። ነገር ግን ይህ ዝግ መስመር ነው። ያው ውሃ ነው ከቦይለሩ ወጥቶ ራዲያተሮቹን ዞሮ የሚመለሰው። አየሩ አንዴ ወጥቶ ካለቀ አዲስ አየር ከየት ይመጣል? ከውጭ የሚገባበት መንገድ ከሌለ አይመጣም። እየመጣ ከሆነ መንገዱን መፈለግ ነበረባችሁ። እስከ ዛሬ ማንም አልፈለገውም።

እኔ ፈለግሁት። በመጀመሪያ ጌጁን በተለያየ ሰዓት እያየሁ መመዝገብ ጀመርኩ። ጠዋት ቦይለሩ ከመለኮሱ በፊት፣ ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ሳለ፣ 0.3 ባር ያሳያል። ከበራ በኋላ ውሃው ወደ 70 ዲግሪ ሲጠጋ ቀስቱ ወደ 3 ባር ይወጣል፤ እዚያ ላይ ሴፍቲ ቫልቩ ይከፈትና ውሃ ይተፋል። ከማፍሰሻው ሥር ባልዲ አስቀምጬ አይቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋ፣ መቼም የሐረርን መብራት ታውቁታላችሁ፣ መስመሩ ይቀዘቅዛል፣ የተተፋውም ውሃ ስለሌለ ግፊቱ ከበፊቱ በታች ይወርዳል።

አሁን 0.3 ባር ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ጌጁ ያለው ምድር ቤት ነው። የላይኛው ፎቅ ራዲያተሮች አናት ከጌጁ 5 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። 10 ሜትር የውሃ ከፍታ 1 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ውሃው እዚያ ለመድረስ ብቻ ምድር ቤት ላይ 0.5 ባር ያስፈልጋል። 0.3 ሲሆን ላይ ያለው መስመር ግፊቱ ከውጭው አየር ግፊት በታች ይሆናል፤ ማለትም ይስባል። ጣሪያው ሥር የገጠማችሁት አውቶማቲክ አየር ማስወጫ በዚያ ሰዓት አየር ማስገቢያ ይሆናል። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል ነው። ጠዋት መስመሩ ቀዝቅዞ ሳለ ላይኛው ፎቅ ያለውን የራዲያተር ማስተንፈሻ ትንሽ ፈታ አድርጎ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ማስጠጋት ነው። ግፊት ቢኖር ሶፍቷን ይገፋት ነበር። እኛ ጋ ግን ጠጋ አድርጎ ሳባት። ወዲያው ዘጋሁት።

ግፊቱ እንዲህ የሚወጣና የሚወርደው ለምንድን ነው? ውሃ ሲሞቅ ያብጣል፣ ግን አይጨመቅም። ከ15 ወደ 70 ዲግሪ ሲሄድ መጠኑ 2 በመቶ ትንሽ አለፍ ብሎ ይጨምራል። ለዚህ ነው የኤክስፓንሽን ታንክ የሚገጠመው። ታንኩ ውስጥ የጎማ ሽፋን አለ፤ በአንድ በኩል የመስመሩ ውሃ፣ በሌላው በኩል የተሞላ ጋዝ። ውሃው ሲያብጥ ወደ ጎማው ይገፋል፣ ጋዙ ይጨመቃል፤ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ውሃውን መልሶ ይገፋዋል። ቀስቱ ከ1.3 ተነስቶ ከ2.5 ባር ሳያልፍ መመለስ ነበረበት።

ብሬከሩን አጥፍቼ፣ መስመሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የቦይለሩን የጎን ክዳን ፈታሁ። ታንኩ ላይ እንደ መኪና ጎማ ያለ ቫልቭ አለ። ጎሚስታ ቤት የተዋስኩትን መለኪያ ይዤ ነበር፣ ግን አላስፈለገም። የቫልቩን መርፌ ጫን ሳደርገው ጋዝ ሳይሆን ውሃ ወጣ። ጥቁር ውሃ፣ እጄን ያጠቆረ። ጋዝ መኖር ባለበት በኩል ውሃ ከመጣ የጎማው ሽፋን ተቀዷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታንክ ጋዝ ቢሞላም አይድንም፤ መቀየር ብቻ ነው ያለው። ይህን ለማየት ባለሙያችሁን አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

ከሁሉ በላይ ያበሳጨኝ ግን የሚከተለው ነው። ታንኩ ከሞተ በኋላ መስመሩ ውስጥ የሚጨመቅ ነገር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ራዲያተሮቹ አናት ላይ የተያዘው አየር። ያ አየር ሳይወድ በግዱ የታንኩን ሥራ ይሠራ ነበር። ባለሙያችሁ እሱን አስወጥቶ ቦታውን በውሃ ሲሞላ፣ የሚያብጠው ውሃ መሄጃ አጣ። ለዚህ ነው እሱ በሄደ ማግስት ሴፍቲ ቫልቩ ከወትሮው በላይ የሚተፋው። ራዲያተሩ ለጥቂት ቀን ይሞቃል፣ ውሃው ይተፋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ላይኛው ፎቅ አየር ይስባል፣ እኛም እንደገና እንደውላለን። ገንዘብ የምንከፍልበት ጥገና ራሱ ቀጣዩን ብልሽት እያመጣ ነው።

የሚተፋው ውሃም ዝም ብሎ ውሃ አይደለም። ሐረር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሮቶአችን የሚሞላው ሲመጣ ብቻ ነው። ደግሞም ውሃችን ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚያስቀምጥ ነው። በተተካ ቁጥር አዲስ ኦክስጅንና አዲስ ቅርፊት ወደ መስመሩ ይገባል። ኦክስጅኑ ብረቱን ይበላል፣ ዝገቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል። ጥግ ያለው ክፍል ራዲያተር አሁን ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታችም መቀዝቀዝ ጀምሯል። አናቱ ሲቀዘቅዝ አየር ነው፣ ግርጌው ሲቀዘቅዝ ጭቃ ነው። ይኼኛው በማስተንፈሻ ቁልፍ አይወጣም።

ባለፈው ደግሞ ባለሙያችሁ «የመሙያውን ቫልቭ ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ተዉት፣ ግፊቱ ራሱን ይጠብቃል» ብሎን ሄደ። አልተውኩትም፣ ዘግቼዋለሁ። እንደዚያ ቢሆን ጌጁ ጤነኛ መስሎ ይታያል፣ ከሥር ግን መስመሩ ቀን ከሌት አዲስ ውሃ እየጠጣ ይዝጋል።

አንድ ነገር ይቀራል፣ ይህ የናንተ የዲዛይን ስህተት ነው። ቦይለሩ ሲገባ ውስጡ ያለው ታንክ ባለ 8 ሊትር ነበር፤ ለምድር ቤቱ ብቻ ይበቃ ይሆናል። በኋላ የላይኛውን ፎቅ ስትጨምሩ ታንኩን አልነካችሁትም። መስመሩን የሞላን ቀን የቧንቧ ውሃ ስላልነበረ በጀሪካን ነው በፓምፕ ያስገባነው፤ ዘጠኝ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 180 ሊትር ገባ። 180 ሊትር ውሃ 70 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 4 ሊትር ያብጣል። ባለ 8 ሊትር ታንክ ጋዙ 1 ባር ተሞልቶ፣ መስመሩ በ1.3 ባር ተሞልቶ፣ እስከ 2.5 ባር ድረስ ሊቀበል የሚችለው 2 ሊትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ጎማው ባይቀደድም አይበቃም ነበር። ባለ 12 ሊትሩም ለጥቂት ያንሳል። ባለ 18 ሊትር ይበቃል፣ ትርፍም አለው። ተመሳሳይ ባለ 8 ሊትር ታንክ ይዛችሁ እንዳትመጡ ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው ይህ ነው። ባለ 18 ሊትር ታንክ ከቦይለሩ ውጭ፣ መመለሻው መስመር ላይ ፓምፑ የሚስብበት ጎን ይገጠም። ጋዙ ውሃ ሳይገባ 1 ባር መሆኑ እኔ ቆሜ እያየሁ ይለካ። ሴፍቲ ቫልቩም ይቀየር፤ ብዙ ጊዜ ስለተከፈተ ቆሻሻ መቀመጫው ላይ ቀርቶ ከአሁን በኋላም ሊያንጠባጥብ ይችላል። ጥቁሩ ውሃ ይውጣ፣ ራዲያተሮቹ ይታጠቡ፣ የዝገት መከላከያ ኬሚካል ይጨመር። ከዚያ በቀዝቃዛው እስከ 1.3 ባር ይሞላ። ፓምፑ ጠፍቶ ከምድር ቤት ጀምሮ ወደ ላይ አየሩ ይውጣ፣ ጌጁ ሲወርድ እየተሞላ። ስትሄዱ ቀዝቃዛውና ሙቁ ግፊት ስንት እንደሆነ በወረቀት ጻፉልን።

ዋስትናው ገና አላለቀም፣ ስለዚህ ሥራው በእናንተ ወጪ ነው። ለማስተንፈስ ብቻ የከፈልናቸው የአገልግሎት ክፍያዎች እንዲመለሱልን ደረሰኞቹን አያይዣለሁ። የጌጁን መዝገብና ከቫልቩ ሲወጣ የነበረውን ጥቁር ውሃ ፎቶም እልክላችኋለሁ።

እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ድረስ መቼ እንደምትመጡ በጽሑፍ አሳውቁን። መልስ ካልመጣ ሌላ ባለሙያ አሠርተን ወጪውን እንጠይቃችኋለን፣ ጉዳዩንም ለሚመለከተው ቢሮ እናቀርባለን። ባለሙያ ስትልኩ ቁልፏን ብቻ ሳይሆን ታንኩንም ይዞ ይምጣ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ንብረትና ጥገና ኃላፊ
ሐረር