እታለም ሲቲ ከመነሳቷ በፊት

ልጄ፣

ትናንት ማታ ስንደዋወል ድምፅሽ ልክ አልነበረም። ሐኪሙ ለእታለም የሆድ ሲቲ ስካን በኮንትራስት አዟል። ጎረቤት ደግሞ «ቀለሙ ኩላሊት ይጨርሳል፣ እንዳታስነሷት» ብሎሻል። መስመሩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ራጅና ሲቲ ክፍል ውስጥ ነውና ነገሩን አውቀዋለሁ።

ቀለም የሚሉት ኮንትራስት አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው። ለሆድ ምርመራ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ሲገባ ሰውነቷን ሙቀት ውርር ያደርጋታል፣ ሽንቷ ያመለጣት ይመስላታል። እንዳትደነግጥ ቀድመሽ ንገሪያት። ከዚያ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። በኩላሊት ውስጠኛ ክፍል ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ያጠባቸዋል፤ ያ ቦታ ደግሞ ድሮም ኦክስጅን በጭንቅ የሚደርሰው ነው። ጤነኛ ኩላሊት ይህን ያልፈዋል። የደከመው ግን ሊንገዳገድ ይችላል።

እና እታለም ከየትኛው ናት? ያነበብሽልኝ ክሪያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ መጠን፣ 1.9 ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ያታልላል። እኔም ስጀምር አታሎኛል። ዕድሜና ፆታ ገብቶበት ሲሰላ ነው ኩላሊቱ በደቂቃ ስንት እንደሚያጣራ የሚታወቀው፤ ጂኤፍአር ይሉታል። ያው 1.9 የ28 ዓመት ወንድ ላይ ቢገኝ 49 ገደማ ይሆናል። ለ68 ዓመቷ እታለም ግን 28 ላይ ይወርዳል። የዛሬ ሐኪሞች በዋናነት የሚጠነቀቁት ጂኤፍአሩ ከ30 በታች ለሆነና ኩላሊቱ በዚያው ሰሞን ድንገት ለተጎዳ ሰው ነው። 45 ወይም ከዚያ በላይ የሆነለት ሰው በዚህ የተነሳ ምርመራውን መፍራት የለበትም። ከ30 እስከ 44 ያለውን ሐኪሙ እንደ ሰውየው ሁኔታ ያየዋል። እታለም እንግዲህ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ናት። ይህ ማለት ግን ምርመራው ይቅር ማለት አይደለም። በአልትራሳውንድ ወይም ያለ ኮንትራስት መልስ ይገኝ እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቂው። አይገኝም ካለሽ ትነሳ። ያልታወቀ በሽታ ሆዷ ውስጥ ተደብቆ መቆየቱ ይብሳል።

ዋናው መከላከያ ፈሳሽ ነው። ሰዉ ጉሉኮስ ይለዋል፤ የሚሰጣት ግን ኖርማል ሳላይን፣ ማለትም የጨው ውሃ ነው። ከምርመራው አንድ ሰዓት በፊት ይጀመርና ከዚያ በኋላ ለ3 እስከ 12 ሰዓት ያህል ይቀጥላል። መጠኑን የሚያዘው ሐኪሙ ነው። በኪሎ 1 ሚሊ ሊትር በሰዓት ካለ፣ እሷ 60 ኪሎ ስለሆነች በሰዓት 60 ይሆናል። ልቧ ደክሞ እግሯ የሚያብጥ ቢሆን ፈሳሹ ሳንባዋ ላይ ሊከማች ስለሚችል ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳታልፊ።

ሌላው ጾም ነው። «ባዶ ሆድሽን ነይ» ሲሏት ውሃም እንደምትተው አውቃታለሁ። ውሃ መጠጣት ትችል እንደሆነ ክፍሉን ጠይቂልኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል።

መድኃኒቶቿን በሙሉ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ለጉልበቷ የምትወስደው ዳይክሎፊናክ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንስ መቆም አለበት። ለስኳሯ የምትወስደው ሜትፎርሚን ራሱ ኩላሊት አይጎዳም። ኩላሊት ከደከመ ግን ደም ውስጥ ይጠራቀምና ደሙን አሲድ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በዕለቱ ይቆማል፣ ለ48 ሰዓትም አይወሰድም። እንዲያውም ጂኤፍአሩ ከ30 በታች ለሆነ ሰው ስለማይመከር ሐኪሟ በሌላ ይተካላት።

አንድ ሰው አልረሳም። ሦስት ቀን ሲያስመልሰው ቆይቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ፣ ዳይክሎፊናክ እየተወጋ መጣልን። ማንም ፈሳሽ አልሰጠውም፣ እኛም አልጠየቅንም። ኮንትራስቱን ወጋነው። በሦስተኛው ቀን ክሪያቲኒኑ ከ1.2 ወደ 3.1 ወጣ። ሁላችንም ቀለሙን ኮነንን። አሁን ሳስበው ትውከቱና መርፌው ብቻቸውን ይህን ሊያደርጉ ይችሉ ነበር። የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም። አሥረኛው ቀን ላይ ያለ ኩላሊት እጥበት ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ግን «ውሃ ጠጥተሃል ወይ?» ብሎ የጠየቀው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከምርመራው በኋላ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ክሪያቲኒኗ ይደገም። ሽንቷ ስላልቀነሰ ደህና ናት ብለሽ እንዳትዘናጊ፤ ኩላሊት ተጎድቶም ሽንት እንደ ወትሮው ሊወጣ ይችላል። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 ከጨመረ፣ ማለትም 1.9 የነበረው 2.2 ከደረሰ፣ ለሐኪሙ በዚያው ቀን አሳዪው። ሜትፎርሚንም ሆነ ሌላ የቆመ መድኃኒት ውጤቱ ታይቶ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይጀመርም።

ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ የድሮውንም ጭምር። ስልኬን አልዘጋም።

አባትሽ