የስታትስቲክስ ክበብ፦ በ24 ዕቃ ውሃ ያሳለፍነው ዓመት

የድሬ ሙቀት ዘንድሮ የክበባችን የቤት ሥራ ሆኖ ከረመ። ነገሩ የተነሣው ከትምህርት ቤታችን ጥበቃ ነው። ጋሼ ጀሪካናቸውን ሁልጊዜ በእርጥብ ጆንያ ይጠቀልላሉ። ልጆቹ «እውነት ከማሰሮ ይበልጣል?» ብለው ተከራከሩ፤ እኛም ለካን።

ከቀፊራ 6 ትናንሽ ማሰሮ ገዛን። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ደግሞ 18 ሰበሰብን። 6ቱን በእርጥብ ጆንያ፣ 6ቱን በደረቅ ጆንያ ጠቀለልን፤ 6ቱን እንዲሁ ተውናቸው። ሁሉም ውስጥ እኩል 26 ዲግሪ ውሃ አደረግን። ከኒሙ ጥላ ሥር የትኛው የት እንደሚቀመጥ በዕጣ ወሰንን። ጠዋት 2 ሰዓት አስቀምጠን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለካን።

አማካዩ እንዲህ ወጣ፦ ማሰሮ 24.4፣ እርጥብ ጆንያ 25.0፣ ደረቅ ጆንያ 27.0፣ ያልተጠቀለለ 28.4 ዲግሪ። በየቡድኑ ውስጥ ያለው መበታተን ተቀራራቢ ነበር፤ ወደ 1 ዲግሪ። በቡድኖቹ መካከል ያለውን መበታተን በውስጣቸው ካለው ጋር የሚያነጻጽረው አኖቫ F = 20.3 ሰጠን። ይህን ያህል ልዩነት በአጋጣሚ ብቻ ይመጣል ማለት አይቻልም።

ልጆቹ አጨበጨቡ። እኔ ግን እዚህ ላይ አስቆምኳቸው። F የሚለው «አራቱም እኩል አይደሉም» ብቻ ነው። የቱ ከየቱ እንደሚለይ አይናገርም። ለዚያ ጥንዶቹን አንድ በአንድ ማወዳደር ያስፈልጋል። ከአራት ቡድን 6 ጥንድ ይወጣል።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ቀድማ ሠርታው ነበር። ስድስቱንም ጥንድ በተለመደው የt ስሌት አወዳድራለች። ያልተጠቀለለው ከደረቅ ጆንያ በ1.4 ዲግሪ ይበልጣል፤ እውነተኛው ልዩነት ይገኝበታል የሚባለው ክልልም ከ0.2 እስከ 2.6 ነው። ዜሮ፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለው፣ ውስጡ የለም። «ስለዚህ ደረቅ ጆንያም ይጠቅማል» አለች።

ስሌቷ ልክ ነው። ችግሩ ስድስት ጊዜ ዕድሏን መሞከሯ ነው። አንዱ ንጽጽር 5 ከመቶ የመሳሳት ዕድል አለው። አራቱ ዕቃዎች ፍጹም አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ፣ ስድስቱን ጥንድ ስናይ ቢያንስ አንዱ «ልዩነት አለ» ብሎ የሚያታልለን ዕድል ወደ 20 ከመቶ ይጠጋል። አምስት ትምህርት ቤት ይህንኑ ቢሠራ አንዱ ተሸወደ ማለት ነው።

አሜሪካዊው ጆን ተኪ እ.ኤ.አ. በ1953 ለዚህ መላ አቀረበ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ አራት አማካዮች በአጋጣሚ ብቻ ቢበታተኑ፣ ትልቁና ትንሹ ምን ያህል ይራራቃሉ? የክልሉን ስፋት የሚወስነው ያ ርቀት ነው። ስለዚህ ስድስቱ ክልሎች በአንድነት 95 ከመቶ ይታመናሉ። በቤተ ሙከራው ኮምፒውተር፣ R በሚባለው የስታትስቲክስ ፕሮግራም፣ ሁለት መስመር በቃን፦

```
m <- aov(temp ~ eqa, data = d)
TukeyHSD(m)
```

የእያንዳንዱ ጥንድ ክልል ከ1.2 ወደ 1.6 ዲግሪ ግራና ቀኝ ሰፋ። ማሰሮም ሆነ እርጥብ ጆንያ ከሁለቱ ሙቅ ቡድኖች በግልጽ ተለዩ። ማሰሮው ካልተጠቀለለው በ4.0 ዲግሪ ይቀዘቅዛል፤ ክልሉ ከ2.4 እስከ 5.6። ደረቅ ጆንያና ያልተጠቀለለው ግን ከ-0.2 እስከ 3.0 ሆኑ። ዜሮ ገባ። እውነተኛ ልዩነት ባይኖር ይህን ያህል ርቀት በአጋጣሚ የሚመጣበት ዕድል በt ስሌት 0.025 ነበር፤ `p adj` በሚለው ዓምድ ግን ወደ 0.10 ከፍ አለ።

ልጅቷ ከፋት። «ታዲያ ደረቅ ጆንያ ምንም አይሠራም?» አለች። አይደለም! ዓመቱን ሙሉ ብዙ የደከምኩበት ነጥብ ይሄ ነው። ክልሉ እስከ 3 ዲግሪ ድረስ ጥቅም ሊኖረው እንደሚችል ይናገራል። ጥቅም ላይኖረውም ይችላል። «አልለየንም» እና «እኩል ናቸው» አንድ አይደሉም።

አንድ ልጅ ደግሞ «ከጅምሩ ይህችን ጥንድ ብቻ ነው ልንጠይቅ የፈለግነው፤ ታዲያ ለምን እናሰፋዋለን?» አለ። ጥሩ ክርክር ነው። አስቀድሞ የታሰበ አንድ ንጽጽር ቢሆን ማስፋቱ አያስፈልግም ነበር። የክበቡን ደብተር ገለጥን። የተጻፈው «የትኛው ይቀዘቅዛል?» ብቻ ነው። ጥንዷን የመረጥናት ውጤቱን ካየን በኋላ ስለሆነ ክርክሩ አልሠራም።

ስለዚህ ግንቦት ላይ ጥያቄውን ቀድመን ጽፈን እንደገና ለካን። 18ቱን ጀሪካን በዕጣ 9 ለ9 ከፈልናቸው፤ ደረቅ ጆንያና ያልተጠቀለለ። አንድ ጥንድ ብቻ ስለሆነ ተራው የt ክልል በቃ። ልዩነቱ 1.3 ዲግሪ፣ ክልሉ ከ0.3 እስከ 2.3። ልጅቷ መጀመሪያም ልክ ነበረች፤ አሁን ግን ማስረጃ አላት።

ማሰሮና እርጥብ ጆንያ ገና አልተለዩም። ልዩነታቸው 0.6፣ ክልሉ ከ-1.0 እስከ 2.2 ነው። ክልሉን በግማሽ ለማጥበብ የዕቃውን ቁጥር በአራት እጥፍ ማሳደግ ይጠይቃል፤ 24 ማሰሮ ማለት ነው። ቤታችሁ ትናንሽ ማሰሮ ያላችሁ ወላጆች ለመስከረም ብታውሱን እንወዳለን።