የሚኒ ሚዲያ ክበብ፦ ከቀረጻ በፊት ያለው ወረቀት

የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዘንድሮ ዋና ሥራ ለአንዲት የሰፈር ባልትና ሱቅ የአንድ ደቂቃ ማስታወቂያ ማዘጋጀት ነበር። አብዛኛው ጊዜ የሄደው በቀረጻው ላይ ሳይሆን በሾት ዝርዝሩና እያንዳንዱን ሾት በሳጥን ውስጥ በሥዕል በሚያሳየው ስቶሪቦርድ ላይ ነው። እንዲህ መሆኑም ተገቢ ነው፤ ሱቋ ጠባብ ናት፣ ደንበኛ ይገባል ይወጣል፣ ባለሱቋም ልጆቹ ካሜራውን የት እንደሚያቆሙ እስኪስማሙ ሥራ ፈተው አይጠብቁም።

ሱቋ በርበሬ፣ ሽሮ፣ እርድና ኮረሪማ ትሸጣለች። ሁሉንም በ60 ሰከንድ ውስጥ ለማሳየት ከተሞከረ ተመልካች አንዱንም አይዝም። ስለዚህ «ሩብ ኪሎም ቢሆን ፊት ለፊትዎ ይመዘናል» የሚለው ብቻ ተመረጠ፤ ይህን የማያግዝ ሾትም ከዝርዝሩ ወጣ። በመጀመሪያው ረቂቅ መክፈቻው የፋሲል ግንብ ነበር። ግንቡ ያምራል፤ ነገር ግን ለጎንደር ሰው ሱቋ በየት በኩል እንደሆነች አይነግረውም። በቦታው ወደ ሱቋ የሚያስገባው መታጠፊያ ገባ።

ቀጥሎ ሰከንዱን መደመር ነው። ከእያንዳንዱ ሾት ጎን ርዝመቱ ይጻፋል፤ በግምት ሳይሆን ድርጊቱን ክፍል ውስጥ እየሠሩ በስልክ ሰዓት በመለካት። በርበሬ በማንኪያ ጨልፎ ሚዛን ላይ ማድረግ በሐሳብ አንድ ሰከንድ ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ሦስት ይፈጃል። የመጨረሻው ዝርዝር 13 ሾት ሆነ፦ ባዶ የበርበሬ ዕቃ፣ መንገዱና የሱቁ ፊት 11 ሰከንድ፤ ሱቅ ውስጥ ያሉት ሰባት ሾቶች 29፤ ወጡና ማዕዱ 9፤ አድራሻና ስልክ ቁጥር ያለበት መዝጊያ 8። ድምሩ 57 ነው። የቀረው 3 ሰከንድ ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ በኤዲቲንግ ጊዜ አንዱ ሾት ትንሽ መርዘሙ አይቀርም። መዝጊያው 8 ሰከንድ የተሰጠው ስልክ ቁጥሩን ቀስ ብሎ አንብቦ ለመጨረስ 5 ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅ ነው። የባለሱቋ ንግግር 9 ሰከንድ ብቻ ስለተመደበለት ከ15 ቃል ገደማ ማለፍ የለበትም።

ስቶሪቦርዱ የተሠራው በኤ4 ወረቀት ላይ ነው። ማስታወቂያው በስልክ ስለሚታይ ሳጥኑ ቁመታም ነው፤ ወርዱ 4.5፣ ቁመቱ 8 ሴንቲ ሜትር። በአንድ ገጽ ስድስት ሳጥን ይገባል፤ ከእያንዳንዱ ጎንም የማስታወሻ ቦታ ይተርፋል። ሥዕል መቻል አያስፈልግም፤ ክብ ራስና ሰውነትን የሚያሳይ መስመር ይበቃል። የማይቀረው ሦስት ነገር ነው፦ ሰውየው ወዴት እንደሚያይ የሚያሳይ ቀስት፣ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ፣ የካሜራው ቦታ።

የእነዚህ ጥቅም በሚዛኑ ሾት ላይ በግልጽ ታይቷል። ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ የተሣለው ክብ ሚዛንና መርፌው ብቻ ነበር። የብርሃኑ ቀስት ሲጨመር ግን ሚዛኑ ፊቱን ወደ በሩ እንደሰጠ፣ ካሜራውም ከበሩ በኩል እንደቆመ ታወቀ። እንዲህ ከተቀረጸ በመስታወቱ ላይ የሚታየው የበሩ ነጸብራቅ እንጂ 250 ግራም ላይ የቆመው መርፌ አይደለም። ካሜራው በባንኮኒው ዳር ወደ ጎን ተዛወረ። ባለሱቋ ሲናገሩ ደግሞ ካሜራው ከውስጥ ወደ በሩ ቢዞር ፊታቸው ይጠቁራል፤ ስልኩ የብርሃን መጠኑን የሚያስተካክለው ለበሩ ብርሃን ነውና። በሩን ከጀርባ ሳይሆን ከጎናቸው ማድረግ ይሻላል።

የዓይን ቀስቶቹም እንዲሁ ጠቅመዋል። ደንበኛዋ ወደ ቀኝ ካየች ባለሱቋ ወደ ግራ ማየት አለባቸው። በሁለት ተከታታይ ሳጥኖች ሁለቱም ቀስቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ካመለከቱ ካሜራው ሁለቱን የሚያገናኘውን የሐሳብ መስመር ተሻግሯል ማለት ነው፤ ሾቶቹ ሲገጣጠሙ የሚነጋገሩ ሳይሆን ሁለቱም ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ እንደገና ይጻፋል፤ አሁን በታሪኩ ሳይሆን በቀረጻው ቅደም ተከተል። የሱቁ ፊት ሾት 3ም ሾት 13ም ነው፤ ሱቁ ወደ ምሥራቅ ስለሚያይ ጽሑፉ ላይ ፀሐይ የሚያርፈው ጠዋት ነው፤ ስለዚህ ሁለቱ ተከታትለው ይቀረጻሉ። ቀጥሎ ባንኮኒው፣ በመጨረሻም ኩሽናው። ቅደም ተከተሉ ሲቀየር የሚረሳው ልብስ ነው፤ የደንበኛዋ ነጠላ በመንገዱም በሱቁም አንድ መሆኑ በማስታወሻው ላይ ይጻፍ። ከባለሱቋ ንግግር ጎን ደግሞ «30 ሰከንድ ባዶ ድምፅ» የሚል መስመር አለ፤ ማንም ሳይናገር የሱቁ ድምፅ ብቻ ይቀረጻል ማለት ነው፤ በመካከል ባጃጅ ጮኾ ቃል ከተቆረጠ ክፍተቱ የሚሸፈነው በሱቁ በራሱ ድምፅ ነው።

እርሳስ የማያሳየው ቀለምን ነው። የበርበሬ ቅርብ ሾት በስልክ ሲቀረጽ ቀዩ ከልክ በላይ ደምቆ ዱቄቱ እንደ ጠፍጣፋ ቀለም ይታያል፤ ፍሬውና ልስላሴው ይጠፋል። ስክሪኑ ላይ በርበሬውን ነክቶ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ማድረግ ያስተካክለዋል። ይህም በሾት 5 ማስታወሻ ላይ ሰፍሯል።