ለአባባ ድምፅ ቦታ ለለቀቃችሁልን ሁሉ

የአያታችን ሙት ዓመት ባለፈው እሑድ ጎንደር በሚገኘው ቤታችን ተዘክሯል። ድንኳን የተከላችሁ፣ ጠላ የጠመቃችሁ፣ ወንበር የተሸከማችሁ የእድራችን ሰዎች፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ዛሬ ግን በተለይ ማመስገን የምፈልገው ድንኳኑ ውስጥ ባየነው የ11 ደቂቃ ቪዲዮ ላይ የደከሙትን ነው። ጽሑፉን የጻፍኩትም ያነበብኩትም እኔ ስለሆንኩ ብዙዎቻችሁ እኔን አመሰገናችሁኝ። ምስጋናው ግን የእነሱ ነው።

መጀመሪያ አራዳ ቴፕ የሚጠግኑትን ጋሼን። ከአባባ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ያገኘናቸው ሁለት ካሴቶች ድምፃቸው ታፍኖ ነበር፤ በቃ አልቆላቸዋል ብለን ነበር። ጋሼ አንዱን ፈተው አሳዩን። ክሩን ወደ ቴፑ ራስ ገፋ አድርጋ የምትይዘው ትንሿ ስፖንጅ ወድቃለች። ከሌላ አሮጌ ካሴት አውጥተው ተኩልን። ከዚያ ከቴፑ ራስ አጠገብ ያለችውን ብሎን በትንሽ መፍቻ ቀስ እያሉ አዞሯት፤ አባባ “ሰ” እና “ጸ” ሲሉ ጥርት ብሎ እስኪሰማ ድረስ። ክሩ ስላረጀ ደጋግመን እንዳናጫውተው ነግረው፣ እዚያው ወደ ኮምፒውተር አስገቡልን። ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሽሽሽ የሚለውን የካሴት ድምፅ ለማጥፋት ሦስት ምሽት ኦዳሲቲ ላይ ተቀመጠ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ማንም የማይናገርበትን ጥቂት ሰከንድ ይሰማል፤ ከዚያ እሱን የመሰለውን ሁሉ ከቅጂው ይቀንሳል። አባባ ዝም ባሉበት ቦታ ግን ሲንጀራቸው ይሠራ ነበር። ጽዳቱ ሲያልቅ መኪናው አብሮ ጠፋ፤ የእሳቸውም ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። አክስቴ ስትሰማው “ይሄ አባባ አይደለም” ብላ አለቀሰች። ስለዚህ ከቅጂው መጀመሪያ፣ መኪናውም ሰውም ከሌለበት ቦታ ሌላ ናሙና ወሰደ፤ ቅነሳውንም ከ12 ወደ 6 ዴሲቤል አወረደው። ሽሽታው ትንሽ ቀርቷል። መኪናው ግን ተመልሷል።

አክስቴን ለጽሑፉም ላመስግናት። የመጀመሪያው ረቂቄ አራት ገጽ ነበር። ስለ ጥምቀቱ ፎቶ እንዲህ ብዬ ነበር፦ “አባባ በ1973 በጥምቀት ዕለት ነጭ ለብሰው፣ ጃንጥላ ይዘው፣ በፋሲል ጥምቀተ ባሕር አጠገብ ቆመዋል።” አክስቴ ሰምታ “ነጩንማ ዓይናችን ያየዋል፤ አንተ የማይታየውን ንገረን” አለችኝ። ዓመቱም ሌላ ችግር ነበረው። ፎቶውን ስካን ያደረገችው ውጭ አገር ያለችው እህታችን ናት፤ ያሰፈረችው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከፎቶው ጀርባ በአባባ እጅ የተጻፈው “ጥር 11 ቀን 65 ዓ.ም.” ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ነገር ግን ካሴቱ ላይ አባባ “በስልሳ አምስት” ይላሉ፤ እኔ 1973 ብዬ እሳቸው ስልሳ አምስት ሲሉ ሰሚው ስንት ዓመት አለፈ ብሎ ግራ ይጋባል። ያ ሁሉ ወጥቶ የቀረው ይህ ነው፦ “ጃንጥላው የውሰት ነው። ከማን እንደተዋሱት እሳቸው ይንገሩን።” ከዚያ ሁለት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ የአባባ ድምፅ።

ሌላውንም እንዲሁ አሳጠርነው። አራቱ ገጽ አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ።

ንባቡን የቀዳሁት ቁም ሳጥን አጠገብ፣ ብርድ ልብስ ግራና ቀኝ ሰቅዬ፣ ስልኬን ከአፌ አንድ ስንዝር አርቄ ነው። ቡና መውቀጡን ለግማሽ ሰዓት ላቆዩልኝ ጎረቤታችን እትዬ፣ ውለታዎን አልረሳም።

መጨረሻው ላይ ግን ከአባቴ ጋር ተከራክረናል። ካሴቱ ስልሳ ደቂቃ የሚይዝ ነው፣ በአንድ ፊት ሠላሳ። አባባ ጃንጥላውን ከአንድ መምህር ቤት እንዴት እንደተዋሱ፣ ከተራ ዕለት እዚያው ጥምቀተ ባሕሩ ዳር እንዴት እንዳደሩ አውርተው፣ “በማግስቱ ልመልስ ብሄድ፣ በሩን የከፈተችልኝ...” ሲሉ ክሩ ያልቃል። ቀጭ ይላል። ሁለተኛው ፊት ስለ ሌላ ነገር ነው። እኔ በራሴ ድምፅ ልጨርሰው ፈለግሁ። እማማን ብንጠይቃቸው “እሱ ያልጨረሰውን እኔ ምን ልበላችሁ” ብለው ዝም። አባቴ “እንዳለ ተወው” አለ። ተውኩት። አባቴ፣ አመሰግናለሁ።

እሑድ ዕለት ቀጭ ሲል ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከፊት ወንበር እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብሰብ አድርገው፣ “እኔ ነኝ” አሉ። “በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።”

ያን ሰዓት በስልኩ የቀረጸ ካለ፣ እባካችሁ ላኩልን። ከካሴቶቹ ቅጂ ጋር እናስቀምጠዋለን።